ጎፈሬውን ሳንከረክም ባክግራውንዱን መቀየር

ለፎቶ ቤት ሠራተኞችና ለጀማሪ ኤዲተሮች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው ፎቶ የምርቃት ፎቶ ነው። ልጅቷ ለማስተማሪያ እንዳሳያችሁ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልናገርም። ጋውኗን ለብሳ፣ ጎፈሬዋን አበጥራ፣ በእናቷ ሳሎን ውስጥ ቆማለች። ከኋላዋ በግራ በኩል ቡፌ አለ፤ መስታወቱ ውስጥ ብርጭቆና ሰሃን ተደርድሯል። በቀኝ በኩል ነጭ ዳንቴል መጋረጃ ያለው መስኮት ይታያል። መሃል ላይ፣ ልክ ከጭንቅላቷ አናት አጠገብ፣ የፕላስቲክ አበባ አለ፤ ቅጠሉ ከጎፈሬዋ የበቀለ ይመስላል። ፊቷ ላይ ያለው ሳቅ ግን ተደግሞ የሚገኝ ስላልሆነ «እንደገና እናንሳሽ» ማለት አልተቻለም። ቤተሰቡ የጠየቀን ይህንኑ ፎቶ 30 በ40 ሴንቲሜትር አሳትመን ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ጠፍቶ ልሙጥ ግራጫ እንዲሆን ነው።

አሁን ደግሞ ይህን ሁለተኛውን እዩ። እኔው ነኝ የሠራሁት፣ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ በሌላ ደንበኛ ፎቶ ላይ። (ሳቅ።) አትሳቁ! በፎቶሾፕ Pen Tool ዙሪያውን ቆረጥኩት፤ ጠርዙ ደረቅ ሲሆንብኝ ደግሞ Feather ጨመርኩበት። ውጤቱ የሞተር ሳይክል ሄልሜት ያጠለቀ ሰው ነው፤ ሄልሜቱም በጉም ተሸፍኗል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የእጄ መስሎኝ ነበር። ቀስ ብዬ በጥንቃቄ ብቆርጠው የሚስተካከል መሰለኝ። ችግሩ ግን የተሳሳተ ነገር መፈለጌ ነበር፤ የሌለ ጠርዝ እየፈለግሁ ነበር።

ጸጉር ጠርዝ የለውም ስል ምን ማለቴ ነው? ሂሳቡን አብረን እንሥራ። 40 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ፎቶ በኢንች 300 ፒክስል ሲታተም ቁመቱ ወደ 4,724 ፒክስል ይሆናል። ልጅቷ ከወገብ በላይ ነው የተነሳችው፤ ካሜራው ያየው ቁመት ወደ 80 ሴንቲሜትር ነው እንበል። 80 ሴንቲሜትርን ለ4,724 ብናካፍል አንድ ፒክስል 0.17 ሚሊሜትር ይሸፍናል። የሰው ጸጉር ውፍረት ደግሞ በአብዛኛው ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ብቻዋን የወጣች አንዲት ጸጉር፣ ፎከሱ የቱንም ያህል ቢጠራ፣ አንድ ፒክስል እንኳ አትሞላም። በዚያ ፒክስል ውስጥ ጸጉሩም አለ፣ መጋረጃውም አለ፤ ሁለቱ ተቀላቅለው አንድ ቀለም ሆነዋል።

ማኪያቶ አስቡ። ቡናው ወተቱን ካገኘው በኋላ «እስቲ ወተቱን መልስልኝ» አይባልም። እኛ ግን በየቀኑ የምንጠየቀው ይህንኑ ነው፤ ፒክስሉ ውስጥ ያለውን መጋረጃ አውጥተን ጸጉሩን ብቻ እንድናስቀር። በዚህ ሥራ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው «ከዚህ ፒክስል ምን ያህሉ ጸጉር ነው?» የሚል ነው፤ እሱን ማስኩ፣ ማለትም የቱ እንደሚታይና የቱ እንደሚደበቅ የሚወስነው ጥቁርና ነጭ ምስል፣ ይመልሳል። ነጭ ማለት ሙሉ በሙሉ ጸጉር፣ ጥቁር ማለት ምንም፣ በመሃል ያለው ግራጫ ደግሞ ድርሻው ነው። ሁለተኛው «ጸጉሩ ብቻውን ቢሆን ቀለሙ ምን ነበር?» የሚል ነው፤ ይሄን ማስክ አይመልሰውም። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን በደንብ ሠርተን ሁለተኛውን እንረሳዋለን፤ ከዚያ ቆንጆ ማስክ ይዘን መጥፎ ፎቶ እናስረክባለን።

ለምን ማሽኑ ራሱ አይመልሰውም ካላችሁ፣ ሂሳቡ ስለማይሞላ ነው። አንድ ፒክስል የሚሰጠን ሦስት ቁጥር ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። የማናውቃቸው ደግሞ ሰባት ናቸው፤ የጸጉሩ ሦስት ቁጥሮች፣ የባክግራውንዱ ሦስት፣ እና ድርሻው። በሦስት እኩልታ ሰባት ያልታወቀ ነገር አይፈታም። ስለዚህ የትኛውም ሶፍትዌር ከጎረቤት ፒክስሎች ተነስቶ ይገምታል። ጀርባው ልሙጥ ግድግዳ ሲሆን ግምቱ ቀላል ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ቀለም ነዋ። ጀርባው ብርጭቆ የተደረደረበት ቡፌ ሲሆን ግን ጎረቤት ምስክር መሆኑ ይቀራል።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄ ሲረሳ የሚሆነውን በቁጥር እንየው። ከ0 እስከ 255 ባለው መለኪያ ጸጉሯ 30 ነው፣ በጣም ጥቁር። መጋረጃው 230። እኩል የተቀላቀሉበት ፒክስል 130 ይሆናል። ማስኩን በትክክል ሠራን እንበልና ለዚህ ፒክስል 50 ፐርሰንት ሰጠነው። አዲሱ ባክግራውንድ ጥቁር፣ 40 ቢሆን፣ መውጣት የነበረበት የ30 እና የ40 አማካይ፣ 35 ነው። የሚወጣው ግን የ130 እና የ40 አማካይ፣ 85 ነው፤ ምክንያቱም መጋረጃው ፒክስሉ ውስጥ እንዳለ አብሮ መጥቷል። 85 ከጸጉሩም ይበራል፣ ከአዲሱ ባክግራውንድም ይበራል። በጭንቅላቷ ዙሪያ የብርሃን ክር ይታያል። እኛ ፎቶ ቤት ይሄን «አክሊል» ነው የምንለው፤ የቅዱሳን ሥዕል ላይ እንዳለው። ልጅቷ የተመረቀችው በአካውንቲንግ ነው፤ አክሊል አያስፈልጋትም።

ባክግራውንዱን 190 የሆነ ፈካ ያለ ግራጫ ስናደርገውስ? ትክክለኛው 110 ነበር፤ የሚወጣው 160 ነው። ስህተቱ ያው 50 ነው። ግን 160 ከግራጫው ይጨልማል፣ ከጸጉሩ ይበራል፤ በመሃል ነው ያለው። ዓይን የሚያየው ጸጉሩ ትንሽ ሳሳ ማለቱን ነው እንጂ አክሊል አይደለም። ስህተቱ ሳይቀነስ ተደበቀ። ለዚህ ነው ደንበኛ ቀለም ከመምረጡ በፊት እኔ የምመርጥለት። ጥቁር ጸጉር ብሩህ ነገር ፊት ተነስቶ ከሆነ አዲሱም ባክግራውንድ ብሩህ ይሁን። «ጥቁር አድርግልኝ፣ ያምራል» ሲሉኝ ዋጋውን ከፍ አደርጋለሁ፤ ሥራው በእውነት ይበዛልና።

ወደ ፎቶው እንመለስ። መጀመሪያ የማደርገው Select Subject ተጭኜ ከዚያ Select and Mask መግባት ነው። ጋውኑን፣ ትከሻዋን፣ ጆሮዋንና ጉትቻዋን ማሽኑ ጥሩ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ እዚያ ላይ ጊዜ አላጠፋም። ውስጡ ያለውን Refine Mode ከ Color Aware ወደ Object Aware አዞረዋለሁ፤ የመጀመሪያው ለልሙጥ ጀርባ ነው የሚሻለው፣ ሁለተኛው ለጸጉርና ለተዝረከረከ ጀርባ። Smooth እና Feather የሚሉትን ዜሮ ላይ እተዋቸዋለሁ። Smooth ጥቅልሉን ይልገዋል፣ Feather ደግሞ ያን ጉም ያመጣል። ለስላሳ ጠርዝ ማለት የደበዘዘ ጠርዝ ማለት አይደለም፤ ብዙ ቀጫጭን ነገር ተደርቦ ከሩቅ ሲታይ የሚፈጥረው ልስላሴ ነው። በ Refine Edge Brush Tool የጎፈሬውን ዳር ብቻ እቀባለሁ፣ ወደ ግንባሯ አልገባም። ከዚያ New Layer with Layer Mask ብዬ አወጣዋለሁ። ጂምፕ የምትጠቀሙ Foreground Select የሚለው መሣሪያ ተመሳሳይ ነገር ይሠራላችኋል።

እዚህ ደርሰው የሚያቆሙ አሉ። እኔ Alt ይዤ ማስኩን እጫናለሁና ማስኩን ብቻውን አየዋለሁ። ጥሩ ማስክ በራሱ የጸጉር ፎቶ ይመስላል፤ ጥቅልሉ፣ ቀዳዳው፣ የሳሳው ቦታ ሁሉ ግራጫ ሆኖ ይነበባል። በዚህ ፎቶ የቀኙ በኩል እንደዚያ ነበር። የግራው በኩል ግን የተቆረሰ ዳቦ ጠርዝ ይመስላል። ማሽኑ ቡፌውን ከጸጉሩ መለየት አቅቶታል፤ የብርጭቆ ብልጭታ ባለበት ጸጉሩን ነክሶታል፣ የቡፌው በር ግጥሚያ ጥቁር መስመር ባለበት ደግሞ እንጨቱን ጸጉር ብሎ ይዞታል። ስለዚህ ጎፈሬውን በአንድ ዘዴ መጨረስ አይቻልም። ለሦስት እከፍለዋለሁ፤ የመጋረጃው በኩል፣ የቡፌው በኩል፣ የአበባው በኩል።

የመጋረጃው ቀላሉ ነው፣ ማስክ እንኳ ብዙ አይፈልግም። ኦሪጅናሉን ኮፒ አድርጌ ከግራጫው በላይ፣ ከተቆረጠችው ልጅ በታች አስቀምጠዋለሁ፤ የዚህን ሌየር ብሌንዲንግ ሞድ Multiply አደርጋለሁ። Multiply ያጨልማል እንጂ አያበራም፤ ንጹሕ ነጭ፣ ማለትም 255 የሆነ ቦታ፣ ጨርሶ ይጠፋል። ዳንቴሉ ግን ንጹሕ ነጭ አይደለም። እጥፋቱ 210፣ ብሩሁ 245 ነው። ስለዚህ በዚያው ሌየር ላይ Levels ከፍቼ የነጩን ጫፍ ወደ 205 እጎትተዋለሁ፤ መጋረጃው ከነጥልፉ ይነጣና ይጠፋል፣ ጸጉሩ ብቻ ይቀራል። አሁን ያቺን 130 ፒክስል ተከተሏት። በ Levels ወደ 162 ትወጣለች፤ በ190 ግራጫ ላይ Multiply ስትሆን 121 ትሆናለች። ትክክለኛው 110 ነበር አላልንም? አሥራ አንድ ነጥብ ማንም አያየውም። ከ160 ወደ 121 አመጣናት፣ አንዲትም ጸጉር ሳንቆርጥ።

ጥንቃቄው ይህ ሌየር ፊቷን እንዳይነካ ነው፤ ቆዳ በ Multiply ይቆሽሻል። ከላይ ያለችው የተቆረጠችው ልጅ ማስኳ ወደ ጎፈሬው ውስጥ ትንሽ ይግባ፣ በለስላሳ ብሩሽ፤ ከዚያ ውጭ ያለውን ብትንትን ጸጉር Multiply የሆነው ይሸከመው። የ Multiply ሌየሩም የራሱ ማስክ ይኑረውና በቀኙ ጠርዝ ብቻ ይታይ።

ወደ ቡፌው እንሂድ። እዚህ ጸጉሩም ጥቁር፣ ጀርባውም ጥቁር ነው፤ በዓይን ስታዩት ተስፋ ያስቆርጣል። ግን Channels ክፈቱና ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊውን አንድ በአንድ እዩ። እንጨት ቡናማ ነው፤ ቡናማ ማለት ቀዩ ከፍ ያለ፣ ሰማያዊው ዝቅ ያለ ማለት ነው። በዚህ ቡፌ ላይ ስለካው ቀዩ 120፣ አረንጓዴው 75፣ ሰማያዊው 45 ነው። ጸጉሯ በሦስቱም ወደ 30 ነው። በሰማያዊው ቻናል 30 ከ45 ጋር ነው የሚጋጠመው፣ ምንም አይለይም። በቀዩ ግን 30 ከ120 ጋር! ጎፈሬው በአንድ ጊዜ ከእንጨቱ ተለይቶ ይወጣል። ብዙ ትምህርት ላይ «ሰማያዊውን ቻናል ውሰዱ» ሲባል ትሰማላችሁ፤ ሰማይ ወይም ሰማያዊ ግድግዳ ከኋላ ላለው ሰው ልክ ነው፣ ለአበሻ ሳሎን ቡፌ ግን አይሠራም። ሦስቱንም ሳታዩ አትምረጡ።

ቀዩን ኮፒ አደርጋለሁ፣ ዋናውን አልነካም። Levels ላይ ጥቁሩን ጫፍ 35፣ ነጩን 110 አደርጋለሁ፤ ጸጉሩ ይጠቁራል፣ እንጨቱ ይነጣል፣ የተቀላቀለው በመሃል ግራጫ ሆኖ ይቀራል። እዚህ ላይ የሚፈትን ነገር አለ፤ ትንሽ ጨመር ሲያደርጉት ይበልጥ ጥርት ይላል። ሲጠራ ግን ግራጫው አለቀ ማለት ነው፣ ያኔ ሄልሜቱ ተመለሰ። ቆሻሻ የቀረ ቦታ ካለ በ Dodge Tool፣ Range የሚለውን Highlights አድርጌ፣ Exposure 10 ፐርሰንት ላይ፣ ብሩሁን ብቻ እያነጣሁ አልፋለሁ። የበሩ ግጥሚያ መስመር በየትኛውም ቻናል ጥቁር ስለሆነ በእጅ በነጭ ይቀባል። ሲያልቅ Ctrl+I ብዬ እገለብጠዋለሁና የግራውን ጠርዝ በልጅቷ ማስክ ላይ አስገባዋለሁ።

ቅርጹ መጣ። ቀለሙስ? በግራው ዳር ያሉት ፒክስሎች ቡናማ ይዘው ነው የመጡት፤ በግራጫው ላይ ሲቀመጡ ጸጉሯ ዳሩ ላይ ሂና የተቀባ ይመስላል። Decontaminate Colors የሚባለው ለዚህ ነው፤ የዳሩን ቀለም ከውስጥ ባለው የጸጉር ቀለም ይተካል። ልሙጥ ጀርባ ላይ ደህና ነው። እዚህ ግን የብርጭቆውን ብልጭታ የጸጉር ቀለም ነው ብሎ ሲጎትተው አይቻለሁ፤ ስለዚህ በእጄ ነው የምሠራው። ከልጅቷ ሌየር በላይ ባዶ ሌየር እፈጥርና Alt+Ctrl+G ብዬ አያይዘዋለሁ፤ ምንም ብቀባበት ከማስኩ ቅርጽ አይወጣም። ከዳሩ ገባ ብሎ ካለው ንጹሕ ጸጉር ቀለም እወስድና በለስላሳ ብሩሽ ዳሩን ተከትዬ እቀባለሁ። እንደ ደንባራ ሰዓሊ ወደ ውጭ ብትፈሱም ችግር የለም። ጸጉሩን የሚስለው ማስኩ ነው፣ እናንተ ቀለሙን ብቻ ነው የምትሰጡት።

ይሄ ነገር ሦስተኛውን ችግር ፈታልኝ። የአበባው ቅጠል ያለበት ቦታ ላይ ጸጉሩ በየትኛውም ቻናል አይለይም፤ ጥቁር አረንጓዴ ጥላ፣ ጥቁር ጸጉር፣ ሁሉም ያው ነው። የጠፋ መረጃ አይመለስም። ድሮ እዚህ ቦታ ላይ በቀጭን ብሩሽ አንድ አንድ ጸጉር እስል ነበር። ለለስላሳ ረጅም ጸጉር ይሠራል፤ ጎፈሬ ላይ ግን የተሰካ ሽቦ ይመስላል፣ ጎፈሬ በመስመር አይሠራማ፣ በጥቅልል ነው። አሁን የማደርገው ይሄ ነው። የዳሩ ቀለም አስቀድሞ ስለተሞላ ቅርጹ ያለው ማስኩ ላይ ብቻ ነው። ማስኩን እመርጥና በ Clone Stamp ከአናቷ በስተግራ ካለው ጥሩ ጠርዝ ላይ እየቀዳሁ አበባው በነበረበት አትማለሁ። የራሷ ጎፈሬ፣ የራሷ ጥቅልል ነው። ከአንድ ቦታ ብቻ አትቅዱ፤ ሁለት አንድ ዓይነት ጥቅልል ጎን ለጎን ከታየ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ደግሞም የምትቀዱበት ቦታ ፎከስ ከምታትሙበት ጋር ይመሳሰል፤ ከጆሮዋ ኋላ ያለው ጸጉር ደብዛዛ ነው፣ የፊቱ ጥርት ያለ ነው።

አንድ ልጅ እጁን አውጥቷል። (በቀኙ በኩል ጎፈሬው ውስጥ ብርሃን ይታያል፣ አክሊል አይደለም ወይ ሲል ጠየቀ።) ጎበዝ፣ ጥሩ አይተሃል። አክሊል አይደለም፤ የመስኮቱ ብርሃን ነው፣ በእውነት ጸጉሯ ላይ አርፏል። መለያው ይሄ ነው፤ አክሊል ዳሩን ተከትሎ እንደ ክር ይሄዳል፣ ውፍረቱ እኩል ነው፣ ውስጡ ጥቅልል አይታይበትም። እውነተኛ ብርሃን ግን ወደ ውስጥ እየሳሳ ይገባል፣ በየጥቅልሉ ላይ ይሰባበራል። እሱን ብታጠፉት ፎቶው ይሞታል። ብርሃኑ ከቀኝ መጥቶ ባክግራውንዱ ግን ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ከሆነ ልጅቷ የተለጠፈች ትመስላለች። ስለዚህ ግራጫውን በቀኝ 200፣ በግራ 175 አድርጌ ቀስ ብሎ እንዲወርድ አደርገዋለሁ። በላዩም Add Noise፣ Gaussian እና Monochromatic፣ ወደ 1.5 ፐርሰንት። ካሜራው ያመጣው ፎቶ ላይ ደቃቅ ሽፍታ አለ፤ ኮምፒውተር የሠራው ግራጫ ላይ ግን የለም። ሲታተም ግራጫው በደረጃ በደረጃ እንዳይከፋፈልም ይረዳል።

ከመላኬ በፊት የማደርገው ፈተና አለ። ከግራጫው በላይ ለጊዜው አንድ ጥቁር ሌየር፣ ቀጥሎ አንድ ነጭ ሌየር እያስገባሁ በ100 ፐርሰንት ዙሪያውን አያለሁ። ጥቁሩ አክሊሉን ያጋልጣል፤ ነጩ ደግሞ ሳላጠፋ የቀረሁትን የቡፌ ቁራጭ ያጋልጣል። በነገራችን ላይ የ Multiply ሌየሩን በጥቁር አትፍረዱበት፣ ጥቁር ላይ ጨርሶ አይታይም። ሻርፕ ማድረግ ካማራችሁ ፊቷ ላይ ብቻ ይሁን። ሻርፕ ራሱ በጠርዝ ላይ ብሩህ ክር ይፈጥራል፤ ሁለት ሰዓት ለፍታችሁ ያጠፋችሁትን አክሊል በአንድ ጠቅታ ትመልሱታላችሁ።

ይሄን ሁሉ ለፓስፖርት፣ ለቪዛ ወይም ለዲቪ ፎቶ አትጠቀሙበት። ለምሳሌ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለፓስፖርት የሚቀርብ ፎቶ በሶፍትዌር እንዳይነካ በግልጽ ይከለክላል። እዚያ ሰውየውን ነጭ ግድግዳ ፊት አቁሞ ማንሳት ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የመጨረሻ ጥያቄ እዚያ ጋ። (ሽበታም አያቷን በጥቁር መጋረጃ ፊት ያነሳች ልጅ፣ በ Multiply ሞክራ ጸጉራቸው እንደጠፋባት ተናገረች።) ይጠፋል፣ ሂሳቡ ተገልብጧላ። ብሩህ ጸጉር፣ ጥቁር ጀርባ ነው ያለሽ። ሞዱን Screen አድርጊው፤ እሱ ጥቁሩን ያጠፋል፣ ብሩሁን ያስቀራል። Levels ላይም የነጩን ሳይሆን የጥቁሩን ጫፍ ጎትቺ፣ መጋረጃው 0 እስኪሆን ድረስ። ባክግራውንዱንም ጥቁር ግራጫ፣ 50 ወይም 60 አካባቢ ምረጪ። ቤተሰቡ ነጭ ካሉሽ ግን የ Screen መንገድ የለም፤ ሽበት በነጭ ላይ አይታይም። ያኔ ማስኩን በቻናል ሠርተሽ ከጸጉራቸው በስተኋላ ግራጫውን ትንሽ ጠቆር ማድረግ ነው ያለሽ፣ ራሳቸው የሚያርፍበትን ያህል ብቻ።